ውሻው ደህና ቢመስልም አትጠብቂ

«ጣና ዳር ውሻ ልጄን እጁ ላይ ነክሶት ደማ። በውሃ አለቀለቅኩት። ውሻው ደህና ይመስላል፤ ልጠብቅ?»

አትጠብቂ። ደህና የሚመስል ውሻም የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ሊያስተላልፍ ይችላል። አሁኑኑ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢው። ውሃ ብቻውን አይበቃም፤ የቫይረሱን የስብ ሽፋን የሚያፈርሰው ሳሙናው ነው። ከዚያ አዮዲን ቀብተሽ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው።

ቆዳው ተበስቶ ስለደማ ለቫይረሱ የመጋለጡ ደረጃ 3፣ ማለትም ከፍተኛው ነው፤ ከክትባቱ ጋር ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባል የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካልም ያስፈልገዋል። ክትባቱ መከላከያ እስኪያስገኝ ቀናት ይፈጃል፤ ኢሚውኖግሎቡሊኑ ግን ቁስሉ ውስጥና ዙሪያ ተወግቶ ቫይረሱን እዚያው ያከሽፈዋል። ዛሬ ካልተገኘ ክትባቱ ይጀመር፤ ከመጀመሪያው ክትባት እስከ 7ኛው ቀን ድረስ ሊወጋ ይችላል።

ውሻውን አስራችሁ 10 ቀን ተከታተሉት። ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሐኪሙ ቀሪውን ክትባት ሊያቆም ይችላል።

አደራ፣ ኢሚውኖግሎቡሊኑ ሳይወጋ ቁስሉ በክር እንዳይሰፋ። የመስፊያው መርፌ ቫይረሱን ወደ ነርቭ ሊያስጠጋው ይችላል፤ በነርቭ ተጉዞ አንጎል ገብቶ ልጁ ውሃ መፍራት ከጀመረ ደግሞ ክትባቱም አይደርስለትም፣ የሚያድን መድኃኒትም የለም።