«ማን ናቸው?» ስትል መልሱን ነግረሃቸዋል

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤታችንን የሚኒ ሚዲያ ክበብ አስተባብራለሁ። ስለ ልጆች ፕሮግራሞች የጥያቄና መልስ ምሽት እያዘጋጀን ነው። ጽሑፉን ተማሪዎቹ ናቸው ያረቀቁት። ስንሞክረው ግን ግማሹ ልጅ ጥያቄው ሳያልቅ ደወል ይመታል፣ ግማሹ ደግሞ ሳያውቀው በትክክል ይገምታል። መለያ ጥያቄው ላይማ ተጣልተን ነው የተለያየነው። የአማርኛችን ችግር ምኑ ላይ ነው? ረቂቁን አያይዤ ልኬልሃለሁ።

መልስ፦ ረቂቁን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጆቹ ጥሩ አድርገው ጽፈዋል። የሚያጋልጣችሁ ግሱ ነው።

ሁለተኛውን ጥያቄ ተመልከት። «ልጆችን ‹የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች› እያሉ ሰላም ይሉ የነበሩት ማን ናቸው? ሀ. ፀሐይ፣ ለ. አባባ ተስፋዬ፣ ሐ. ኤልሞ።» ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት። ኤልሞ ቀይ አሻንጉሊት ነው። «እያሉ»፣ «ይሉ የነበሩት»፣ «ናቸው» ብለህ ከጨረስክ በኋላ አንቱ የሚባል ሰው ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነው። ፕሮግራሙን በሕይወቱ አይቶ የማያውቅ ልጅም «ለ» ይላል። አማርኛ ግሱ ላይ ጾታንም፣ ቁጥርንም፣ አክብሮትንም ይለጥፋል። ለወግ ደስ ይላል፣ ለጥያቄ ግን ወሬኛ ነው።

ሦስተኛው ላይ ልጆቹ ይህን የነቁ ይመስለኛል። ስለ እሳቸው ሲጠይቁ «ማን ነው?» ብለው ጽፈዋል። ፍንጩ ጠፍቷል፣ ግን ሌላ ጣጣ መጥቷል። ወላጆች በተቀመጡበት አዳራሽ አባባ ተስፋዬን «አንተ» ብሎ መጥራት ጆሮ ይቆረቁራል። መድረክ መሪዋ ልጅ ገና በሁለተኛው ደቂቃ ባለጌ ትመስላለች።

መውጫው ሰውየውን ባለቤት ከማድረግ መሸሽ ነው። የግሱን ባለቤት ዕቃ ወይም ነገር አድርገው። እንዲህ፦

«‹የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች›። ይህ ሰላምታ የማን ነበር?»

አሁን «ነበር» የሚለው ለሰላምታው ነው። ማንንም አላዋረድክም፣ ማንንም አላጋለጥክም። ሴት ይሁን ወንድ፣ አሻንጉሊት ይሁን ሽማግሌ ከጥያቄው አይታወቅም። «ድምፁ የማን ነው?»፣ «ይህ አባባል የማን ነው?» እያልክ ሌሎቹንም በዚሁ መንገድ ማስተካከል ትችላለህ። ስሙን ራስህ ከጠራኸው ግን አትጨነቅ። «ፀሐይ ምን ዓይነት እንስሳ ናት?» ላይ «ናት» ምንም አያሳብቅም።

እግረ መንገዴን፦ አራተኛው ላይ «የቀጭኔዋ ስም ምንድን ነው?» ተብሏል። ገጸ ባሕርይ ሆና የምታወራ ቀጭኔ ስለሆነች «ስሟ ማን ነው?» ቢባል ይሻላል። በኛ ስም የሚጠየቀው በ«ማን» ነው። የፕሮግራሙን ስም ከሆነ የፈለጋችሁት ግን «ምን ይባላል?» ትክክል ነው።

ሳያልቅ የሚደወለው ለምን እንደሆነ ደግሞ አምስተኛው ጥያቄ ይነግርሃል። «በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለረጅም ዓመታት ለልጆች ተረት ይነግሩ የነበሩት የአባባ ተስፋዬ የአባት ስም ማን ነው?» ልጁ «ተረት ይነግሩ የነበሩት» ላይ ሲደርስ ጥያቄው የገባው ይመስለዋል። ደወሉን ይመታና «አባባ ተስፋዬ!» ይላል። ተሳሳተ ትለዋለህ። እሱ ግን አልተሳሳተም፣ እስከዚያ የሰማው የሚጠይቀው ያንን ነው። የኛ ቋንቋ ገላጩን ሁሉ ከፊት ያሰልፍና የተፈለገውን ነገር መጨረሻ ላይ ያመጣል። በጽሑፍ ችግር የለውም፣ ዓይን ወደፊት ሮጦ ያያል። ጆሮ ግን ተራውን ጠብቆ ነው የሚሰማው።

ስለዚህ የምትፈልገውን አስቀድመህ ተናገር፣ አረፍተ ነገሩንም ቁረጠው።

«የምጠይቃችሁ የአባት ስም ነው። አባባ ተስፋዬን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ተስፋዬ ማን?»

መልሱ ሣህሉ ነው። «ተስፋዬ ማን?» የሚለው አጭር ቢመስልህም አትናቀው። ቀበሌም ሆነ ክሊኒክ ስትሄድ የሚጠይቁህ እንደዚያው ነው።

የመድረክ መሪዋ ንግግርም ትንሽ ከእንግሊዝኛ የተቀዳ ሽታ አለው። «ይቅርታ፣ ያ የተሳሳተ መልስ ነበር፤ አሁን ወደ ቡድን ለ እየሄድን ነው» ከምትል «አልተመለሰም! ዕድሉ ወደ ቡድን ለ ዞሯል» ትበል። ሲመለስም «ተመልሷል!» ይበቃል። «ቡድን ሀ፣ ዝግጁ ነህ?» የሚለውን ደግሞ «ቡድን ሀዎች፣ ዝግጁ ናችሁ?» አድርጉት። ቡድን በሰዋስው ነጠላ ቢሆንም ፊት ለፊትህ የተቀመጡት አራት ልጆች ናቸው።

አሁን ወደ ጠቡ። መለያ ጥያቄ ማለታችሁን ወድጄዋለሁ፣ መለያ ምትን የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል። ጥያቄው ግን ፈንጂ ነው። «የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በስንት ዓ.ም. ነው? ለትክክለኛው መልስ የተጠጋ ያሸንፋል።»

ትክክለኛው 1957 ዓ.ም. ነው። ቡድን ሀ 1959 አለ እንበል። ቡድን ለ 1963 አለ። በኛ አቆጣጠር ሀ በሁለት፣ ለ በስድስት ዓመት ስተዋል፣ ሀ አሸነፈ። ለዎች ግን ተነስተው «እኛ በፈረንጆቹ ነው ያልነው» ይላሉ። በፈረንጆቹ 1964 ስለሆነ በአንድ ዓመት ብቻ ነው የሳቱት። አሸናፊዎቹ እነሱ ሆኑ ማለት ነው! እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ዳኛ ሆኜ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኛል። አዳራሹ ለሁለት ተከፍሎ ሻይ ሰዓቱ አለፈ።

«ዓ.ም.» ብቻውን ሲጻፍ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፣ ለፈረንጆቹ «እ.ኤ.አ.» ይጨመራል። በወረቀት ላይ ይህ ያስማማል። በአፍ ግን ልጆቹ «ዓመተ ምሕረት»ን የሚሰሙት እንደ ማሳረጊያ ቃል ነው፣ ቁም ነገሩን አያዩትም። «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብለህ በሙሉ ተናገር። ኤልሞ ያለበት የአሜሪካው ሰሰሚ ስትሪት መቼ እንደጀመረ ስትጠይቁም «በፈረንጆቹ አቆጣጠር» በሉ፣ 1969 የሚለው መልሳችሁ ያኔ ነው ልክ የሚሆነው።

ከዚህም የሚሻለው ዓመተ ምሕረቱን ትቶ የጊዜውን ርዝመት መጠየቅ ነው። ርዝመት ሲሆን በኛም በፈረንጅም ቁጥሩ ያው ነው። እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ፦

«ሁለቱም ቡድኖች እኩል ነጥብ ይዛችኋል። በመለያ ጥያቄ እንለያችኋለን። መልሱ ቁጥር ነው። በወረቀት ጽፋችሁ በአንድ ላይ ታነሳላችሁ። አባባ ተስፋዬ የልጆች ፕሮግራም በቴሌቪዥን ያቀረቡት ለስንት ዓመት ነው?»

መልሱ 42 ነው። እዚህ «ያቀረቡት» ቢባል አይከፋም፣ ስማቸው ተጠርቷልና።

«የተጠጋ ያሸንፋል» የሚለው ላይ ግን አንድ ቀዳዳ ቀርቷል። አንዱ ቡድን 40፣ ሌላው 44 ቢጽፍስ? ሁለቱም በሁለት ሳቱ፣ እንደገና አቻ። ስለዚህ ወረቀቱ ከመታደሉ በፊት መድረክ መሪዋ ይህን ትጨምር፦ «እኩል ከራቃችሁ፣ ከትክክለኛው ቁጥር ያላለፈው ቡድን ያሸንፋል።» 40 የጻፉት ዋንጫውን ይወስዳሉ፣ 44 የጻፉትም ምንም የሚሉት አይኖርም። ሁለቱም ያንኑ ቁጥር ከጻፉ ሌላ መለያ ጥያቄ ኪስህ ውስጥ ይኑር።