ዕድሜ ያለ ጤና፣ ዕድሜ ያለ ንስሐ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ልብ ወለድ ማንበብ እወዳለሁ። ታሪኩ ውስጥ የማይሞት ሰው ከመጣ ግን ሁልጊዜ የተረገመ ነው፤ ያለቅሳል፣ ሞትን ይለምናል። እኛ ደግሞ የዘላለም ሕይወትን ተስፋ እናደርጋለን፣ ረጅም ዕድሜም እንለምናለን። ደራሲዎቹ እምነታችንን እየተቃወሙ ነው? ማንበቤንስ ልተው? (ከአራዳ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አባል)

መልስ፦ እህቴ፣ ማንበብሽን አትተዪ። ደራሲዎቹ አወቁትም አላወቁትም፣ በዚህ ነገር ከኦሪት ዘፍጥረት ብዙ አልራቁም።

ምዕራፍ 3 ከቁጥር 22 እስከ 24 ያለውን ቀስ ብለሽ እንደገና አንብቢው። አዳም ከገነት የተሰደደው «ደግሞም ከሕይወት ዛፍ ወስዶ እንዳይበላ፥ ለዘላለምም ሕያው ሆኖ እንዳይኖር» ተብሎ ነው። ኪሩቤልና የነበልባል ሰይፍ የቆሙትም ወደዚያ ዛፍ የሚወስደውን መንገድ ለመጠበቅ ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ቅጣት ብቻ ይመስላል። ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ግን እዚህ ውስጥ ምሕረት ያያል፤ ሞት ኃጢአትን ይቆርጠዋል፣ ክፋትም የማይሞት እንዳይሆን ያደርጋል ይላል። አዳም ወድቆ ሳለ ከዛፉ ቢበላ ኖሮ፣ ውድቀቱም አብሮት ዘላለም ይኖር ነበር። የልብ ወለዱ ደራሲ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ያንን ፍሬ ለወደቀ ሰው ያበላውና ምን እንደሚሆን ቁጭ ብሎ ያያል።

ከሁሉ አጥርቶ ያየው ጆናታን ስዊፍት ይመስለኛል። ስዊፍት በደብሊን የቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል አለቃ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1726 ባሳተመው የጉሊቨር ጉዞ ውስጥ፣ ከግራ ቅንድባቸው በላይ ክብ ቀይ ምልክት ይዘው የሚወለዱ ጥቂት ሰዎች አሉ። ምልክቱ ከዕድሜ ጋር ቀለሙን እየለወጠ በመጨረሻ እንደ ከሰል ይጠቁራል። እነዚህ ሰዎች አይሞቱም። ጉሊቨር ይህን ሲሰማ በደስታ ይፈነጥዝና እርሱ እንደዚያ ቢወለድ ምን ያደርግ እንደነበር ያቅዳል። በ200 ዓመት ውስጥ ከአገሩ ሁሉ የበለጠ ሀብታም ይሆናል፣ ጥበብን ሁሉ ይማራል፣ የዘመኑን ታሪክ ይመዘግባል፣ ወጣቶችን ያስተምራል። አስተናጋጆቹ ይስቁበታል። የሳተው አንድ ነገር ነው፤ ዕድሜ ሲባል ወጣትነትም አብሮ የሚመጣ መስሎታል።

ቀጥሎ ያለው ዝርዝር ያስደነግጣል። 80 ዓመት ሲሞላቸው በሕግ እንደሞቱ ይቆጠራሉ፤ ወራሾቻቸው ንብረታቸውን ይረከባሉ፣ ለእነርሱ የምትቀረው ትንሽ መቁነን ናት። ሁለት የማይሞቱ ቢጋቡ፣ ታናሽየው 80 ሲሞላው ጋብቻው ይፈርሳል፤ በራሱ ጥፋት ላልተፈረደበት ሰው በመከራው ላይ የትዳርን ሸክም መጨመር ግፍ ነው ተብሎ (ስዊፍት እዚህ ላይ መቀለዱን አልተወም)። በ90 ጥርስና ፀጉራቸው ያልቃል፣ የምግብ ጣዕም አይለዩም። የአንድ ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ከአእምሯቸው ስለማይቆይ ማንበብ አይችሉም። ቋንቋው ደግሞ ዘመን በዘመን ስለሚለወጥ፣ ከ200 ዓመት በኋላ በገዛ አገራቸው እንደ ባዕድ ይሆናሉ። መዝሙረ ዳዊት 89 የሰውን ዕድሜ 70፣ ቢበረታ 80 ካለ በኋላ ከዚያ በላይ ያለውን ድካምና መከራ ይለዋል። የስዊፍትም ሕግ ሰውየውን ሞተ የሚለው እዚያችው 80 ላይ ነው።

ከሁሉ የሚነካው ግን የቀብሩ ነገር ነው። የማይሞቱት ቀብር ሲያልፍ ባዩ ቁጥር፣ እነርሱ ፈጽሞ ወደማይደርሱበት የዕረፍት ወደብ ሌላው ሄደ ብለው ያዝናሉ። አራት ኪሎ፣ ቅድስት ሥላሴ ቅጥር ግቢ ገብተሽ የመቃብሩን ጽሑፍ እይ። «ተወለደ» ካለ በኋላ የሚከተለው ቃል «ዐረፈ» ነው። ይህን ቃል ከለመድነው ብዛት አንሰማውም። ስዊፍት የሚነግረን ግን ይህ ቃል በመቃብራቸው ላይ መቼም ስለማይጻፍላቸው ሰዎች ነው። ራእይ 9፥6 ላይም በዚያ ወራት ሰዎች ሞትን ይፈልጋሉ አያገኙትምም የሚለው እንደ በረከት አይደለም፣ እንደ መቅሠፍት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ምርቃት እንምጣ። እናቶቻችን ሲመርቁ «ዕድሜና ጤና ይስጥሽ» ይላሉ፤ ዕድሜን ብቻውን አይለምኑም። በግሪኮች ተረት የንጋት አምላክ የተባለችው ለምትወደው ለቲቶኖስ ከዜውስ አለመሞትን ትለምናለች፤ ወጣትነትን መለመን ግን ትረሳለች። ሰውየው አርጅቶ እጅ እግሩን ማንሳት ሲያቅተው ክፍል ውስጥ ትዘጋበታለች፤ የሚሰማው ማቆሚያ የሌለው ድምፁ ብቻ ነው። ዕድሜን ለምና ጤናን ረሳች።

ጤናውም ተሰጥቶት የተረገመስ? በልብ ወለድ የምናገኘው ደም መጣጭ አያረጅም፣ ጉልበትም አለው፤ ሆኖም ርጉም ነው። እዚህ ላይ ሁለተኛው ምርቃታችን ይመጣል። ጉባኤ ሲያልቅ «ዕድሜ ለንስሐ፣ ዘመን ለፍሥሓ ይስጥልን» እንባባላለን። ደም መጣጩ ዕድሜ አለው፣ ንስሐ የለውም፤ የሚኖረውም የሌላውን ሕይወት እየወሰደ ነው። ከዚህ ጋር አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን አስተያዪ። ገድላቸው 300 ዓመት በግብፅ፣ 262 ዓመት በኢትዮጵያ፣ በድምሩ 562 ዓመት ይላል። ያንን ሁሉ ዘመን ማንም እርግማን ብሎት አያውቅም፤ ስለ ሌላው ሲለምኑ የኖሩበት ነውና። መጋቢት 5 ደግሞ ዐረፉ እንላለን። ሳይሞቱ የተወሰዱት ሄኖክና ኤልያስም እንኳ በመጨረሻው ዘመን መጥተው ሞትን እንደሚቀምሱ አባቶች ያስተምራሉ።

ስለ ዘላለም ሕይወት ያነሣሽው፣ ጌታ በዮሐንስ 17፥3 ራሱ ሲተረጉመው የዓመት ቁጥር የለበትም፤ አብንና የላከውን ኢየሱስ ክርስቶስን ማወቅ ነው። ሐዋርያውም በ1ኛ ቆሮንቶስ 15፥53 ይህ የሚጠፋው የማይጠፋውን ይለብሳል እንጂ እንዳለ ይረዝማል አላለም። ደራሲዎቹ የሚያሳዩን የረዘመውን ነው፤ የለበሰውን ለመጻፍ የሞከረ ጥቂት ነው።

ዕድሜ መለመን ኃጢአት አይደለም። ሕዝቅያስ ታሞ አለቀሰ፣ 15 ዓመትም ተጨመረለት (2ኛ ነገሥት 20፥6)። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ግን ተከታተዪ። ከባቢሎን ለመጡ መልእክተኞች ግምጃ ቤቱን ሁሉ ከፍቶ አሳየ። ልጁ ምናሴም ሲነግሥ 12 ዓመቱ ነበር፤ ከ15 ላይ 12 ሲነሣ፣ የተወለደው ዕድሜው ከተጨመረ ወደ 3 ዓመት ገደማ በኋላ ነው ማለት ነው፤ ያ ልጅ ኢየሩሳሌምን በንጹሕ ደም ሞላት። ስለዚህ ዕድሜ ስትለምኚ ለምን እንደምትፈልጊው አብረሽ ተናገሪ፤ ያልታረቅሽው ሰው ካለ በስሙ ጥሪው፣ ያልተናዘዝሽው ካለም ለንስሐ አባትሽ የምትነግሪበትን ቀን ወስኚ።