የአገልግሎት ክፍያ ሁለቴ ሲቆረጥ የሚጻፍ ደብዳቤ

«ፒያሳ ካለ ቅርንጫፍ ብር ላክሁ፣ የአገልግሎት ክፍያው ሁለቴ ተቆረጠብኝ። ደብዳቤውን ምን ብዬ ልጻፍ?»

መጀመሪያ ስቴትመንት አስወጣ። ትንሿ ተቀናሽ የክፍያው 15 በመቶ ከሆነች ተጨማሪ እሴት ታክስ ናት፣ አትመለስም። የላክኸው ብር ራሱ ሁለቴ ወጥቶ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። ብሩ አንዴ ወጥቶ ክፍያው ብቻ ሁለቴ ከተቆረጠ እንዲህ በል፦

«ጉዳዩ፦ በብልጫ የተቆረጠ የአገልግሎት ክፍያ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም. (በስቴትመንቱ 22/09/2025) በማጣቀሻ ቁጥር … 5,000 ብር አንድ ጊዜ አስተላልፌያለሁ። ሆኖም 10 ብር የአገልግሎት ክፍያ በማጣቀሻ ቁጥር … እና … ሁለት ጊዜ ተቀንሷል። ሁለተኛው ከነታክሱ 11.50 ብር ወደ ሒሳብ ቁጥሬ … እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።»

ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍህ ጥሩ ነው፤ ሠራተኛው ሲስተሙ ላይ የሚፈልገው በፈረንጆቹ ነው። ስቴትመንቱን አያይዝ። ኮፒው ላይ «ደርሶናል» የሚል ማኅተምና ቀን ሳታስመታ እንዳትወጣ።