ሳይሸጥ የቀረው ጋቢ፦ ስለ ታክስ ኪሳራ ጥያቄና መልስ

ከፒያሳ፣ ባለ ሱቅ፦ ጋሼ፣ እኔ የከፈልኩትን ታክስ መንግሥት ይወስደዋል። ከአንድ ኪስ ወጥቶ ሌላ ኪስ ገባ እንጂ አልጠፋም። ኢኮኖሚስቶች «ባዶ ኪሳራ» የሚሉት ታዲያ የት የገባ ገንዘብ ነው?

የከፈልከው አልጠፋም፤ የጠፋው ያልተከፈለው ነው። ሰኞ ገበያ አንዲት ጋቢ ሻጭ አለች እንበል። የድሩ፣ የማጉ፣ የሸማኔው ዋጋና የራሷ ድካም ተደምሮ አንድ ጋቢ 2000 ብር ይወጣበታል። ከዚያ በታች አትሸጥም፤ ፉክክሩ ስላለ ከዚያ በላይም መጠየቅ አትችልም። ዐሥር ገዢዎች መጡ። አንደኛው ጋቢ ቢኖረው ደስ ይለዋል፣ ግን ከ2050 ብር በላይ አያወጣም። ሁለተኛው እስከ 2150 ይከፍላል፣ ሦስተኛው እስከ 2250። እንዲህ በመቶ በመቶ ብር እያደገ ሄዶ፣ ዐሥረኛዋ ልጇን የምትድር እናት ናትና እስከ 2950 ብር ትከፍላለች። ታክስ ከሌለ ዐሥሩም በ2000 ብር ይገዛሉ። እያንዳንዳቸው ሊከፍሉ ከተዘጋጁበት ያተረፉት ሲደመር 5000 ብር ይሆናል።

አሁን በአንድ ጋቢ 200 ብር ታክስ ተጣለ፤ ዋጋው 2200 ሆነ። ስምንቱ ገዝተው 1600 ብር ለመንግሥት ገባ። ይህ አንተ ያልከው ነው፤ ከኪስ ወደ ኪስ። ሁለቱ ግን ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ተመለሱ። አንዱ 50፣ ሌላው 150 ብር የሚያህል ጥቅም ቀርቶባቸዋል። ይህ 200 ብር ለመንግሥት አልገባም፣ ለሻጯም አልደረሰም፣ ገዢዎቹም አላገኙትም። ደረሰኝ የለውም፤ በማንም ደብተር ላይ አይገኝም። የሚታይ ነገር ቢኖር መደርደሪያው ላይ የቀሩት ሁለት ጋቢዎች ናቸው። (በእውነተኛ ገበያ ሻጯም ከጉዳቱ ትካፈላለች፤ ሒሳቡ እንዲቀል ብዬ ነው የተውኳት።)

የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ እኔ የተረዳሁት ኪሳራው የሰብሳቢው ደመወዝ፣ የደረሰኝ ማሽኑ ወጪና ወረፋው ነው። ደግሞም ታክሱ በእጥፍ ሲያድግ ኪሳራውም በእጥፍ ያድጋል። ትክክል ነኝ?

ወረፋውና ማሽኑ እውነተኛ ወጪ ናቸው፤ ሆኖም የሌላ መዝገብ ናቸው። ሰብሳቢው በነፃ ቢሠራ፣ ወረፋውም ባይኖር እንኳን ሁለቱ ጋቢዎች አይሸጡም ነበር።

«በእጥፍ» ያልከው ግን ስህተት ነው፤ የጉዳዩ እምብርት ያለውም እዚያ ነው። ታክሱን 400 ብር እናድርገው። ዋጋው 2400 ሆኖ አራት ሰዎች ይመለሳሉ፤ የቀረባቸው 50፣ 150፣ 250 እና 350፣ በድምሩ 800 ብር ነው። ታክሱ በእጥፍ አደገ፤ ኪሳራው ግን ከ200 ወደ 800፣ አራት እጥፍ ሆነ። የመንግሥት ገቢስ? ስድስት ጋቢ በ400 ብር፣ 2400 ብር። ከበፊቱ የጨመረው በግማሽ ብቻ ነው።

አሁንም እንግፋው፤ 600 ብር። ስድስት ሰው ይመለሳል፣ ኪሳራው 1800 ብር ይደርሳል። ገቢው አራት ጊዜ 600፣ ያው 2400 ብር! አንዲት ሳንቲም ሳይጨመር ተጨማሪ አንድ ሺህ ብር የሚያህል ጥቅም ጠፋ።

ምክንያቱ ይህ ነው። በመጀመሪያው ታክስ የሚመለሱት ጋቢውን ለጥቂት የፈለጉት ናቸው፤ ቢቀርባቸውም ብዙ አይጎዱም። ታክሱ ሲጨምር የሚመለሱት ግን ከምር የፈለጉት ናቸው። ስለዚህ የሚመለሰው ሰው ቁጥር ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ጉዳትም አብሮ ያድጋል። ሁለት እድገት ሲባዛ ኪሳራው በታክሱ ካሬ መጠን ይሄዳል። ይህንን ዡል ዱፕዊ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1844 ጽፎታል፤ ስለ ድልድይና ስለ መንገድ ክፍያ ሲያሰላስል ነው የደረሰበት። በ20ኛው መቶ ዘመን አሜሪካዊው አርኖልድ ሃርበርገር እየለካ ስላሳየው፣ ይህን ኪሳራ ለማሳየት በግራፍ ላይ የምትስሏት ሦስት ማዕዘን በእሱ ስም ትጠራለች።

ከኮምቦልቻ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ፦ እኛ ብርድ ልብስ እንሠራለን። ታክሱ ጋቢው ላይ ብቻ ቢሆንና የእኛ ነፃ ቢተው እንጀራችን ይሰፋል። ምን ክፋት አለው?

ለእናንተ ክፋት የለውም። ለዚህም ነው በየአገሩ «የእኛን ዘርፍ ነፃ አድርጉልን» የሚል ደብዳቤ የማይነጥፈው።

የብርድ ልብሱም ገበያ ልክ እንደ ጋቢው ዐሥር ገዢ አለው እንበል። አንተ እንዳልከው ጋቢ ላይ ብቻ 400 ብር ብንጥል፣ ቀደም ብለን እንዳየነው 2400 ብር ይሰበሰባል፣ 800 ብር ይባክናል። ታክሱን አውርደን ሁለቱም ላይ 200 ብር ብንጥልስ? ከእያንዳንዱ 1600፣ በድምሩ 3200 ብር ይገባል። የሚባክነው ከሁለቱም 200፣ በድምሩ 400 ብር ነው። መንግሥት 800 ብር ጨምሮ አገኘ፤ ኪሳራው ግን በግማሽ ወረደ። «መሠረቱን አስፋ፣ መጣኔውን ዝቅ አድርግ» የሚለው ምክር ከዚህ ሒሳብ የወጣ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ጋቢው ብቻ ሲወደድ፣ ጋቢ የሚወድ ሰው ብርድ ልብስ ገዝቶ ይሄዳል። የእናንተ ፋብሪካ ገበያ ደራለት፤ የደራው ግን ሰው ብርድ ልብሱን ስለመረጠ ሳይሆን ጋቢው ስለተቀጣ ነው። ሁለቱም እኩል ሲታከሱ ሰው በምርጫው ይገዛል። በአገራችን በ1995 ዓ.ም. የሽያጭ ታክስን የተካው ተጨማሪ እሴት ታክስ በአንድ የ15 በመቶ መጣኔ የተጀመረው ይህንኑ መንገድ ተከትሎ ነው። ነፃ የተደረጉትን ነገሮች ዝርዝር ስትመለከት ግን ሰፊ የተባለው መሠረት ብዙ ቀዳዳ እንዳለው ታያለህ።

ከሆጤ፣ እናት፦ ልጄ፣ እኔ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ገማቾች መጥተው የቀን ገቢዬን ከሚገባው በላይ ጻፉብኝ። ለማን ልጩህ?

እማማ፣ እዚህ የምንነጋገረው ስለ ሌላ ነገር ነበር፤ የእርስዎ ጥያቄ የአቤቱታ ጥያቄ ነው። ውሳኔውን በጽሑፍ ይቀበሉ፣ የደረሰዎትን ቀን ይያዙ፣ ቅሬታዎን ቀነ ገደቡ ሳያልፍ በጽሑፍ ያስገቡ። በቃል የተነገረ ቅሬታ ማስረጃ አይሆንም።

ሆኖም ያነሡት ነገር ከርእሳችን ጋር ይገናኛል። አንዴ ከተገመተ በኋላ ዛሬ አንድ ኪሎ ስኳር ቢሸጡም ዐሥር ቢሸጡም የሚከፍሉት አይለወጥም። ስለዚህ ግምቱ ቢበዛም ከመሸጥ አያግድዎትም፤ ጉዳቱ ኪስዎ ላይ ነው። ባዶ ኪሳራው የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ግምቱ ከብዶ ሱቁን ሲያዘጋ ነው። ሁለተኛው፣ የሚቀጥለው ግምት መደርደሪያ ታይቶ የሚጻፍ ከሆነ ሰው መደርደሪያውን ባዶ ማድረግ ይጀምራል። ዕቃ ጓዳ ደብቆ «የለም» እያለ ገዢ የሚመልስ ባለ ሱቅ አይቻለሁ። የተመለሰው ገዢ ከጋቢው ገዢዎች አይለይም።

ከቧንቧ ውሃ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፦ ኪሳራው የሚመጣው ሰው ሲተው ከሆነ፣ ሰው የማይተወው ነገር ላይ ከባድ ታክስ መጣል አይሻልም? ለምሳሌ ጨው።

በዚህ በኩል ከእርስዎ ጋር የቆመ ትልቅ ሰው አለ። ፍራንክ ራምሴ የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1927 ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ዋጋ ሲጨምር ገዢ የማይሸሽበት ዕቃ ከፍ ያለ ታክስ ይሸከማል፣ የሚሸሽበት ደግሞ ዝቅ ያለ። እንግዲህ «ለሁሉም አንድ መጣኔ» የሚለው በንድፈ ሐሳብ የመጨረሻው ቃል አይደለም።

በተግባር ግን እያንዳንዱ ዕቃ ምን ያህል ገዢ እንደሚያሸሽ ማን ለክቶ ያውቃል? ሰው የማይተወው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ድሃው የማይተወው ነው። መጣኔው በየዕቃው ይለያይ ከተባለም ነገ የገቢዎች መሥሪያ ቤት በር ላይ የሚሰለፈው ሰው ብዙ ነው፤ የኮምቦልቻው ወንድማችንም ከፊት ይሆናል። እኔ አንድ መጣኔ የምመርጠው ለመጠምዘዝ ስለሚያስቸግር ነው። ቢራና ሲጋራ ላይ ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ገዢው መሸሹ ራሱ የታክሱ ዓላማ ነው።

ከፒያሳ፣ ሌላ ነጋዴ፦ ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ነው። ኪሳራውን በዓይኔ ማየት እችላለሁ?

እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1696 እስከ 1851 በቤት መስኮት ቁጥር ታክስ ታስከፍል ነበር። ሰው መስኮቱን በጡብ ደፈነው። ከተደፈነ መስኮት መንግሥት ምንም አያገኝም፤ ባለቤቱ ግን ጨለማ ውስጥ ተቀምጧል።

የእኛ ከተማ መስኮት ደግሞ ግድግዳ ነው። ለተጨማሪ እሴት ታክስ መመዝገብ ግዴታ የሚሆንበት የሽያጭ መጠን አለ። የማውቀው አንድ ነጋዴ እዚያ ሊደርስ ሲል ሱቁን መሐል ለመሐል በግድግዳ ከፈለው፤ ግማሹ በእሱ፣ ግማሹ በሚስቱ ስም ሆነ። ሁለት በር፣ ሁለት ቆጣሪ፣ ሁለት ሚዛን፣ ሁለት ሻጭ። ለታክስ አንድ ብር አልጨመረም፤ የግድግዳው ወጪ ግን ወጥቷል። እንዲህ ያለ ግድግዳ ስታይ እየለካኸው ነው ማለት ነው።

ስሟን ያልጠቀሰች፣ ከደሴ፦ ጤፍ ገዢዋም ባለ ፎቁም እኩል 15 በመቶ ይክፈሉ ማለት ፍትሕ ነው? ሒሳባችሁ ድሃ የሚባል ነገር አያውቅም።

እውነት ነው፣ አያውቅም። የ50 ብር ጥቅም ለባለ ፎቁም ለጉልት ሻጯም እንደ 50 ብር ይቆጠራል፤ ትልቁ ጉድለቱ ይህ ነው። የተለመደው መልስ «ሁሉንም አስከፍል፣ የተሰበሰበውን ለድሃው በቀጥታ ስጥ» የሚል ነው። ምክንያቱም ጤፍ ነፃ ሲደረግ ብዙ ጤፍ የሚገዛው ባለ ፎቁ በብር ሲሰላ የበለጠ ያተርፋል። መልሱ የሚሠራው ግን ገንዘቡ በእርግጥ ድሃው እጅ ከደረሰ ነው። አብሮኝ ያስተምር የነበረ ጓደኛዬ «እስኪደርስ ድረስ ጤፉን አትንኩ» ይላል። ለዓመታት ተከራክረናል፤ በጤፉ ላይ እኔም ወደ እሱ እያዘነበልኩ ነው፤ በሌላው ላይ አልተስማማንም።

የመጀመሪያው ጠያቂ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ቀረኝ። ያቺ ጋቢ ሻጭ ያለ ደረሰኝ በ2000 ብር ብትሸጥ ሁለቱ የተመለሱት ሰዎች ያገኛሉ። ኪሳራው ጠፋ ማለት አይደለም?

የሁለቱ ጠፋ። ነገር ግን ስምንቱም ወደ እሷ ይሄዳሉ፤ የመንግሥት ገቢ ዜሮ ይሆንና የጎደለውን ለመሙላት ደረሰኝ በሚቆርጠው ሌላ ሻጭ ላይ መጣኔው ይጨምራል። ከሁለተኛው ጥያቄ እንዳየኸው የመጨረሻዎቹ ብሮች ናቸው ብዙ የሚያባክኑት። ከዚያ የሚከፋው ደግሞ ሌላ ነው። ደረሰኝ የሚቆርጠው ሰው ያንኑ ጋቢ በ1900 ብር ማሠራት የሚችል ቢሆንስ? በ200 ብር ታክስ 2100 ይሸጣል። የእሷ፣ 2000 ብር የሚወጣበት ጋቢ ገበያውን ይወስዳል፤ በ1900 የሚያሠራው ሱቁን ይዘጋል።