ሽያጩ 230፣ ኩንታሉ 90፦ የአንድ ዱቄት ፋብሪካ አራት ዓመት

አዳማ ውስጥ የሰው ሂሳብ ስመረምር ብዙ ሰኔ 30 አልፎብኛል። ዛሬ በኮመን ሳይዝና በትሬንድ ላይ የመጡልኝን ጥያቄዎች በመጡበት ቅደም ተከተል እመልሳለሁ። ኮመን ሳይዝ እያንዳንዱን መስመር ከሽያጩ ወይም ከጠቅላላው ሀብት በመቶኛ ማስቀመጥ ነው፣ ትሬንድ ደግሞ መነሻውን ዓመት 100 አድርጎ ሌሎቹን ከሱ ጋር ማነጻጸር። አብዛኞቹ የመጀመሪያዋን ጠያቂ ተከትለው የመጡ ናቸው።

«ጋሼ፣ የምሠራበት ዱቄት ፋብሪካ ሽያጩ በ2013 40 ሚሊዮን ብር ነበር፣ በ2016 92 ሚሊዮን ደረሰ። ከግብር በፊት ያለው ትርፍ ግን ከ3.2 ሚሊዮን 3.68 ሚሊዮን ነው የገባው። ባለቤቱ ‹ገንዘቤን ማን በላው?› ይሉኛል። ከየት ልጀምር?»

የአራቱን ዓመት የትርፍና ኪሳራ መግለጫ በኤክሴል ጎን ለጎን አስቀምጪ። 2013 ቢ ላይ፣ 2016 ኢ ላይ ይሁን፣ ሽያጩ አራተኛው ረድፍ ላይ ይግባ። ከዚያ እነዚህን ሁለት ቀመሮች በዚያው ገጽ፣ ከቁጥሮቹ በስተቀኝ ባሉት ባዶ ዓምዶች፣ እያንዳንዱ መስመር ላይ አውርጂ፦

```
=E5/E$4*100
=E5/$B5*100
```

የመጀመሪያው ወጪው ከዚያው ዓመት ሽያጭ ከመቶ ስንት እጅ እንደሆነ ይነግርሻል። ሁለተኛው 2013ን 100 አድርጎ ያው መስመር የት እንደደረሰ ያሳያል። አንዱን ብቻ ይዘሽ ባለቤቱ ፊት አትቅረቢ። በላክሽልኝ ቁጥር ሠርቼዋለሁ። የተሸጠው ዱቄት ወጪ ከሽያጩ 80 ከመቶ የነበረው 84 ሆኗል። የአስተዳደርና የሽያጭ ወጪ ከ10 ወደ 7 ወርዷል። ወለድ ከ2 ወደ 5 ወጥቷል። ትርፉ ከ8 ወደ 4። በትሬንድ ደግሞ ሽያጭ 230፣ ትርፍ 115፣ ወለድ 575 ነው።

«ይሄማ ግልጽ ነው፣ ስንዴ ተወደደ። ወጪው አራት ነጥብ ጨመረ፣ ትርፉ አራት ነጥብ ቀነሰ። አለቀ።» (የማስተርስ ተማሪ)

ስንዴ መወደዱ እውነት ነው፣ ሂሳቡ ግን እንዳልከው አልገጠመም። የአስተዳደርና የሽያጭ ወጪው በሦስት ነጥብ መውረዱን ዘለልከው። የቤት ኪራዩ፣ ደሞዙ፣ ናፍጣው ሁሉ በተወደደበት ዘመን ይሄ መስመር በትሬንድ 161 ብቻ መሆኑ ደስ ከማሰኘቱ በፊት ሊያጠራጥርህ ይገባ ነበር። መሐል ያሉትን ዓመታት እይ። 2014 ላይ የዱቄቱ ወጪ 80፣ ያኛው 10 ነው። 2015 ላይ አንዱ ዘሎ 84፣ ሌላው ወርዶ 7። ሁለት መስመሮች በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በተቀራራቢ መጠን፣ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ከሄዱ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ገበያው አይደለም። «በዚያ ዓመት ሂሳብ ሠራተኛ ተቀይሯል ወይ?» እላለሁ።

«ጋሼ፣ አፈርኩ። 2015 ላይ የገባሁት እኔ ነኝ። ስንዴው ከአርሲ የሚመጣበትን ትራንስፖርትና የጫኝና አውራጅ ክፍያ የቀድሞው ሰው ከሽያጭ ወጪ ጋር ይመዘግበው ነበር። እኔ ወደ ዱቄቱ ወጪ አዞርኩት። ተሳሳትኩ?»

አልተሳሳትሽም። ስንዴውን መጋዘን ለማድረስ የወጣ ገንዘብ የስንዴው ዋጋ አካል ነው። የቀረው ነገር የ2013ንና የ2014ን ቁጥር በአዲሱ መንገድ አስተካክለሽ አለመጻፍሽ ነው። የዚያን ጊዜ ደረሰኝ ካላገኘሽ፣ ለንጽጽር ያህል ብቻ፣ አዲሶቹን ዓመታት ወደ ድሮው አመዳደብ መልሻቸው።

በ2016 ያዞርሽው 2.76 ሚሊዮን፣ ማለት ከሽያጩ 3 ከመቶ ነው። መልሰን ስናወጣው የዱቄቱ ወጪ 81፣ የአስተዳደርና የሽያጩ 10 ይሆናል። ስለዚህ ከጠፋው አራት ነጥብ ስንዴው የወሰደው አንዱን ብቻ ነው። ሦስቱን የበላው ወለድ ነው። ባለቤቱ ከስንዴ ነጋዴው ጋር ከመጣላታቸው በፊት ይሄን ይወቁ።

«እኔ ሆቴል አለኝ። 2012ን መነሻ ሳደርግ ገቢዬ በአራት ዓመት አራት እጥፍ አድጓል፣ ባንኩ ግን አላመነኝም። ምን አጠፋሁ?»

እንኳን አላመነዎት። 2012 መጋቢት ላይ ኮሮና ገብቶ የስብሰባ አዳራሹ ሁሉ ባዶ የቀረበት ዓመት ነው። ከጉድጓድ ተነስቶ የሚለካ ሁሉ ረጅም ይመስላል። 2011ን መነሻ ያድርጉና እንደገና ይሥሩት። በመነሻው ዓመት ኪሳራ ከነበረዎት ደግሞ የትርፉን መስመር በትሬንድ አይሥሩት። 100 የሚሆነው ቁጥር ከዜሮ በታች ሲሆን የሚወጣው መቶኛ ትርጉም የለውም፣ ብሩን ብቻ ይጻፉ።

«ይሄን ሠርተን ለገቢዎች እናስገባ?»

አያስፈልግም። ለራስህና ለባንክህ ነው።

«የዱቄት ፋብሪካውን ባላንስ ሺት አየሁት። ቋሚ ንብረት ከጠቅላላው ሀብት 50 ከመቶ ነበር፣ 30 ሆኗል። ማሽን ሸጡ እንዴ?»

አልሸጡም። ቋሚ ንብረቱ በብር ከ15 ሚሊዮን ወደ 18 ሚሊዮን አድጓል። ድርሻው የወረደው ጠቅላላው ሀብት ከ30 ወደ 60 ሚሊዮን ስላበጠ ነው። ኮመን ሳይዝ ብቻውን እንዲህ ያታልላል፣ አንዱ ሲወፍር ሌላው የቀጠነ ይመስላል።

የወፈረው ክምችቱ ነው። ከ7.5 ሚሊዮን ወደ 24 ሚሊዮን፣ በድርሻ ከ25 ወደ 40። የባንክ ብድሩም አብሮት ከ5 ሚሊዮን ወደ 25 ሚሊዮን ሄዷል። ክምችቱ 16.5፣ ብድሩ 20 ሚሊዮን ጨመረ። ሁለቱን ስታያይዛቸው የወለዱ ነገር ይገባሃል። መጋዘን የተቆለለው ስንዴ አብዛኛው በባንክ ገንዘብ የተገዛ ነው ብዬ እገምታለሁ።

«ምንም ይሁን፣ ሽያጩ ከእጥፍ በላይ አድጓል። ፋብሪካው እያደገ ነው።» (ነጋዴ)

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ልጅቷን የኩንታሉን መዝገብ እንድትልክልኝ ጠይቄ ነበር። በ2013 በአማካይ በ2,500 ብር 16,000 ኩንታል ሸጠዋል። በ2016 ደግሞ በ6,400 ብር 14,375 ኩንታል። ዋጋው 256 ሆኗል፣ ኩንታሉ ግን 90 ነው። 230 የሚለው ቁጥር ውስጥ አንድም ተጨማሪ ኩንታል የለም። ዋጋ እንዲህ በሚጋልብበት አገር የሽያጭ ትሬንድ ከጎኑ ኩንታል፣ ሊትር ወይም የአልጋ ቁጥር ካልተጻፈለት አላየውም።

«ጋሼ፣ ታዲያ ለባለቤቱ ስንዴው ይቀነስ ልበላቸው?»

ቆይ። ያየነው የአንድ ቀን ፎቶ ነው፣ የሰኔ 30። የመኸሩ ስንዴ ከኅዳር እስከ ጥር ይሰበሰባል፣ ስለዚህ ሰኔ ላይ መጋዘናችሁ መሳሳት ነበረበት። 24 ሚሊዮን ብር የሚያህል ክምችት ሰኔ ላይ መገኘቱ ሦስት ትርጉም ሊኖረው ይችላል። የበጋ መስኖ ስንዴ ገዝተው ይሆናል፣ ዋጋ ይጨምራል ብለው ሆን ብለው አከማችተው ይሆናል፣ ወይም ዱቄቱ አልሸጥ ብሏቸው። ኩንታሉ 90 መሆኑ ወደ መጨረሻው ያደላኛል፣ ግን አልምልም። የ12ቱን ወር የመጋዘን ካርድና የብድሩን የየወሩ መዝጊያ ይዘሽ ነይ። ዱቄትና ስንዴውንም ለይተሽ ቁጠሪልኝ።