«ስቶፕ ቱ ቴክ» ወይስ «ስቶፕ ቴኪንግ»?

ጥያቄ፦ የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። እናቴን ክሊኒክ ወስጃት የግፊት መድኃኒቷን መውሰድ እንዳቆመች ለነርሷ ለመንገር «ሺ ስቶፕድ ቱ ቴክ ኸር ሜዲሲን» አልኩ። ነርሷ ግራ የገባት መሰለች፤ ያረመችኝ ልጄ ነች። ከ«ስቶፕ»፣ ከ«ሪሜምበር» እና ከ«ትራይ» በኋላ መቼ «ቱ»፣ መቼ «ኢንግ» እንደምል በምን ልለይ?

መልስ፦ ነርሷ ግራ መጋባቷ አያስገርምም፤ የተናገሩት ዓረፍተ ነገር በሰዋስው ረገድ ምንም ስሕተት የለበትም፤ ትርጉሙ ግን እናትዎ ይሠሩት የነበረውን ሥራ ገታ አድርገው መድኃኒታቸውን ወሰዱ የሚል ነው። ሊሉ የፈለጉት «ሺ ስቶፕድ ቴኪንግ ኸር ሜዲሲን» ነበር። እንግሊዝኛው በአንድ «ስቶፕ» የሚሸከመውን አማርኛ በሁለት ግሦች ይለየዋል፤ ተሻጋሪው «አቆመ»፣ የማይሻገረው ደግሞ «ቆመ» ነው። «መድኃኒት መውሰድ አቆሙ» ስንል መውሰዱ ራሱ የቆመው ነገር፣ ማለትም የግሡ ተሳቢ ነው፤ ስለዚህ «ኢንግ» ይገባዋል። «መድኃኒት ሊወስዱ ቆም አሉ» ስንል ግን የቆመው ሌላ ነገር፣ ለምሳሌ መንገዳቸው ወይም ሥራቸው ነው፤ መውሰዱ የቆሙበት ምክንያት ስለሆነ «ቱ» ይይዛል።

እንግዲህ አማርኛችን ይህን ያህል ጠንቅቆ የሚለይ ከሆነ ለምን እንሳሳታለን? ጥፋቱን በከፊል የምጥለው በትምህርት ቤት በተማርንበት ዝርዝር ላይ ነው። «ቱ ጎ መሄድ፣ ቱ ኢት መብላት፣ ቱ ቴክ መውሰድ» እያልን ስለሸመደድን፣ በ«መ» የሚጀምረውን ንዑስ አንቀጽ ባየን ቁጥር እጃችን ወደ «ቱ» ይሄዳል። ነገር ግን «መውሰድ» በጠባዩ ስም ነው፤ «መውሰዱን» ብለን «ን» እንጨምርበታለን፣ «መውሰዳቸው» ብለን ባለቤት እንሰጠዋለን፣ «መውሰድ ይጠቅማል» ብለን የዓረፍተ ነገር ባለቤት እናደርገዋለን። በዚህ ሁሉ የሚቀርበው በ«ኢንግ» ለሚያልቀው የእንግሊዝኛ ጀረንድም እንጂ በ«ቱ» ለሚጀምረው ኢንፊኒቲቭ ብቻ አይደለም። (በእንግሊዝኛ የተጻፉ ብዙ የአማርኛ ሰዋስዎች ደግሞ ጀረንድ የሚሉት «ወስዶ»ን፣ ማለትም ቦዝ አንቀጹን ነው። የሁለቱን ቋንቋዎች ሰዋስው ጎን ለጎን የሚያነብ ተማሪ ግራ ቢጋባ አልፈርድበትም።)

ለ«ስቶፕ» አንድ ቀላል መፈተኛ አለ። በ«ቱ» ቦታ «ኢን ኦርደር ቱ» ያስገቡና ያንብቡት፤ «ይህን ለማድረግ ሲሉ ቆሙ» የሚል ትርጉም ከሰጠና የፈለጉትም እርሱ ከሆነ «ቱ» ትክክል ነው፤ ካልሆነ «ኢንግ» ይበሉ። ሁለቱም በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊገኙ ይችላሉ፤ «ሺ ስቶፕድ ኩኪንግ ቱ ቴክ ኸር ሜዲሲን» ማለት ወጥ መሥራታቸውን አቋርጠው መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ሄዱ ማለት ነው።

ይህ መፈተኛ ግን ለ«ሪሜምበር» አይሠራም፤ ማንም ሰው መድኃኒት ለመውሰድ ሲል አያስታውስም። እዚህ መጠየቅ ያለበት ማስታወሱና መውሰዱ የትኛው ቀደመ የሚለው ነው። ነርሷ «ዲድ ሺ ሪሜምበር ቱ ቴክ ኢት?» ካለችዎት መጀመሪያ ማስታወስ፣ ቀጥሎ መውሰድ ነው፤ የምትጠይቀው «ሳይረሱ ወሰዱ ወይ?» ብላ ነው። «ደዝ ሺ ሪሜምበር ቴኪንግ ኢት?» ካለች ግን መውሰዱ አስቀድሞ የተፈጸመ ነው ተብሎ ተይዞ፣ «መውሰዳቸው ትዝ ይላቸዋል ወይ?» ማለቷ ነው። አማርኛ ለፊተኛው «አስታውሰው ወሰዱ»፣ ለኋለኛው «መውሰዳቸው ትዝ አላቸው» እያለ ግሡንም አሰካኩንም ይለውጣል። «ቱ» በጥንተ ነገሩ አቅጣጫን የሚያሳይ መስተዋድድ ስለሆነ፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ድርጊት ገና ከፊት የሚጠብቅ ነው ብሎ ማሰብ ይረዳል።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በ«ፎርጌት» ነው፤ አልጠየቁኝም፤ ነገር ግን ለእናትዎ ጉዳይ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ይመስለኛል። «መድኃኒታቸውን መውሰድ ረሱ» እና «መድኃኒታቸውን መውሰዳቸውን ረሱ» የሚሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ያስተያዩ። በፊተኛው መድኃኒቱ አልተወሰደም። በኋለኛው ተወስዷል፤ የተረሳው መወሰዱ ነው፤ እንዲህ የረሳ ሰው ደግሞ ሁለተኛ ሊውጥ ይችላል። ልዩነቱን ያመጣችው «ኣቸውን» የምትለዋ ትንሽ ቅጥያ ናት። ባለቤት የያዘው ንዑስ አንቀጽ የተፈጸመ ድርጊት ሲሆን «ኢንግ»፣ ባዶው ደግሞ «ቱ» ይሆናል፤ «ሺ ፎርጎት ቱ ቴክ ኢት» ለፊተኛው ነው። ለኋለኛው «ሺ ፎርጎት ቴኪንግ ኢት» ማለት ቢቻልም፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ሺ ፎርጎት ዛት ሺ ሃድ ቴከን ኢት» ማለትን ያዘወትራሉና እኔም ለጥንቃቄ ይህን እመክራለሁ። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ «መውሰዱን ረሳ» ሲባል የመጨረሻው «ኡ» «የእርሱ» ይሁን ወይም መነሻ ቃሉን የሚወስን ይሁን ከቃሉ ብቻ አይታወቅም። ስለዚህ ሲጠራጠሩ በአንደኛ መደብ ይፈትኑት፤ «መውሰድ ረሳሁ» እና «መውሰዴን ረሳሁ» አይምታቱም።

ወደ «ትራይ» ስንመጣ ቦዝ አንቀጹ መልሱን ይሰጠናል። መድኃኒቱ ያቅለሸልሻቸዋል እንበል። ሐኪሙ «ትራይ ቴኪንግ ኢት ዊዝ ፉድ» ቢል፣ በአማርኛ «እስቲ ከምግብ ጋር ወስደው ይዩት» ማለቱ ነው። መውሰዱ ቀላል ነው፤ የሚጠበቀው ውጤቱ፣ ማለትም ማቅለሽለሹ መቀነሱ ነው። «ትራይ ቱ ቴክ ኢት ዊዝ ፉድ» ቢል ግን «ከምግብ ጋር ለመውሰድ ይሞክሩ» ማለት ነው፤ ድርጊቱ ራሱ ጥረት ይጠይቃል፣ ላይሳካም ይችላል። ስልክን አስቡት፦ «ልደውልላት ሞከርኩ፣ ኔትወርክ የለም» ሲሉ መደወሉ አልተሳካም፣ «ቱ» ይላሉ፤ «ደውዬላት አየሁ፣ አታነሣም» ሲሉ ግን ደውለዋል፣ «ኢንግ» ይላሉ። ጆሮዎ «አየሁ» የሚለውን ከተቀበለ «ኢንግ» ነው። በተራ ንግግር ብዙዎች ለሁለቱም «ትራይ ቱ» ስለሚሉ፣ ሐኪሙ «ቱ» ቢልም «ሞክረው ይዩት» ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ እርስዎ ሲናገሩ ግን ቢለዩት ይሻላል።

ይህን የፊትና የኋላ ሐሳብ ለሌሎች ግሦች ሁሉ እንዳያውሉት። «አቮይድ» ያልተፈጸመን ድርጊት የሚመለከት ሆኖ ሳለ ከ«ኢንግ» በቀር አይቀበልም፤ «ስታርት» እና «ቢጊን» ሁለቱንም ይዘው ትርጉማቸው አይለወጥም። የደንቡ ጥቅም ያለው፣ ሁለቱም ቅርጾች ትክክል ሆነው ትርጉማቸው በሚለያይባቸው ጥቂት ግሦች ብቻ ነው።