በነጭ ነጠላ ላይ የሚጠፋ ጽሑፍ

ጥያቄ፦ «ደሴ ላይ ቪዲዮ እሠራለሁ። መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያም የቀረጽሁትን በፕሪሚየር ፕሮ እያቀናበርሁ ነው። ከታች የሚወጣው የተናጋሪው ስምና ማዕረግ በነጭ ከተጻፈ ከምእመኑ ነጠላ ጋር ይቀላቀላል፤ ጥቁር ጠርዝ ሳበዛበት ደግሞ ፊደሉ ይደፈናል። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ የጠርዙን ውፍረት ይቀንሱ። የእኛ ፊደል የሚለየው በትንሽ ምልክት ስለሆነ ወፍራም ጠርዝ ከላቲን ፊደል ይልቅ ይጎዳዋል። «መሪጌታ» የሚለውን ቃል ከፍ አድርገው ይመልከቱ፤ «ጌ»ን ከ«ጊ» የሚለያት እግሯ ሥር ያለችው ቀለበት ብቻ ናት። ጠርዙ Center ላይ ከተደረገ ግማሹ ወደ ፊደሉ ውስጥ ስለሚገባ የቀለበቷ ቀጭን ነጭ መስመር ይበላል፣ ተመልካቹም «መሪጊታ» ብሎ ያነባል። ስለዚህ Stroke የሚለውን Outer አድርገው ከ2 እስከ 3 ፒክስል ብቻ ይስጡት፤ ለፊደሉም ቀጫጭን መስመር የሌለው እንደ Noto Sans Ethiopic ያለ ፎንት በ Bold ይምረጡ። ይህ ግን ፊደሉን ከመደፈን ያድነዋል እንጂ ከነጠላው አይለየውም።

ከነጠላው የሚለየው ከሥሩ የሚደረግለት ጥቁር መደብ ነው። ብዙ ሰው መደቡ እንዳይከብድ ሰግቶ Opacity የሚለውን 30 በመቶ ላይ ያቆመዋል፤ እኔ ግን ፀሐይ ያረፈበትን ነጠላ ይዤ አስልቼዋለሁ። ከ0 እስከ 255 ባለው መለኪያ የነጠላው ብርሃን 235 አካባቢ ነው ብንል፣ 30 በመቶ ጥቁር ሲለብስ ወደ 165 ይወርዳል፤ ነጭ ፊደል በዚህ ላይ ያለው የብርሃን ንጽጽር 2.5 ለ1 ገደማ ብቻ ነው። በ50 በመቶ ወደ 4.5 ለ1 ይደርሳል፤ ይህም የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ ዝቅተኛ ብሎ የሚያስቀምጠው ልክ ነው። መመሪያው ያንን ያለው ግን ለማይንቀሳቀስ ገጽ ስለሆነ፣ ሕዝብ ለሚተራመስበት ምስል ከ65 እስከ 70 በመቶ ድረስ እንዲሄዱ እመክርዎታለሁ።

መደቡ ሲጠቁር እንኳ አንድ ነገር ይቀራል። የነጠላው እጥፋትና የጥበቡ ቀጭን መስመሮች ውፍረታቸው ከፊደሉ መስመር ጋር ስለሚቀራረብ፣ በመደቡ ሥር ሲንቀሳቀሱ ዓይን ከፊደሉ ጋር ያምታታቸዋል። መፍትሔው ከጽሑፉ በስተጀርባ ያለውን ምስል ብቻ ማደብዘዝ ነው። ክሊፑን ገልብጠው ከራሱ በላይ V2 ላይ በዚያው ሰዓት ያስቀምጡት፤ Gaussian Blur ሰጥተው Blurriness የሚለውን 40 አካባቢ ያድርጉ፣ Repeat Edge Pixels የሚለውንም ይምረጡ፤ አለዚያ የምስሉ ጠርዝ አሳልፎ ከሥሩ ያለውን ያልደበዘዘ ምስል ያሳያል። ከዚያ Effect Controls ውስጥ በ Opacity ሥር አራት ማዕዘን ማስክ ስለው በመደቡ ልክ ያድርጉት። መደቡና ጽሑፉ V3 ላይ ይሁኑ። ማደብዘዝ ብቻውን እንደማይበቃ ግን ልብ ይበሉ፤ የደበዘዘ ነጭም ያው ነጭ ነው።

ለ1920 በ1080 ምስል ስሙን በ60፣ ማዕረጉን በ42 መጠን ቢጽፉ ይስማማል፤ ጽሑፉ ከግራ ቢያንስ 96፣ ከታች 54 ፒክስል ይራቅ። ቀለም ከፈለጉ ከስሙ አጠገብ በቆመች ቀጭን መስመር ላይ ያውሉት እንጂ በፊደሉ ላይ አይሁን። የባቲን የሰኞ ገበያ ስቀርጽ ስሞቹን በቀይ ጽፌ ነበር፤ በኮምፒውተሬ ያማረው ጽሑፍ በቴሌግራም ተልኮ ሲከፈት ጠርዙ ፈሶ የማይነበብ ሆነና ሥራውን ሙሉ በሙሉ ደገምሁት። ቪዲዮ ሲታመቅ የቀለሙ ዝርዝር ከብርሃኑ ዝርዝር በአራት እጥፍ ያነሰ ሆኖ ስለሚቀመጥ፣ በቀለም ብቻ የተለየ ፊደል መጀመሪያ የሚበላሸው እርሱ ነው።

ሲፈትሹ ጸጥ ያለውን ፍሬም አይምረጡ። ጽሑፉ በሚቆይባቸው ሰከንዶች ውስጥ እጅግ ነጭ የሆነውን ፍሬም፣ ለምሳሌ ሕዝቡ ለእልልታ እጁን ሲያነሣና ነጠላው ፀሐይ ሲመታው፣ ፈልገው እዚያ ያቁሙ። ጽሑፉን ለጊዜው ደብቀው መደቡ ብቻ ሲቀር Lumetri Scopes ላይ ያለውን የብርሃን መለኪያ ይመልከቱ፤ ከ0 እስከ 100 ባለው መለኪያ መደቡ ያለበት ክፍል ከ35 በላይ ከወጣ ጥቁረቱን ይጨምሩ። ከዚያ ጽሑፉን መልሰው ማሳያውን ወደ 25 በመቶ ያሳንሱና «ጌ» ከ«ጊ» ተለይታ ትነበብ እንደሆነ ይዩ። ካልተነበበች ጠርዙን አይንኩ፤ የፊደሉን መጠን ከ60 ወደ 70 ያሳድጉ።